የዕቁብ መዝገብ ታሪክ በጅንካና በደቡብ ኦሞ

ዕቁብ የሚለው ስም የተገኘው ዐቀበ ከሚለው የግእዝ ግሥ ነው። ግሡ ጠበቀ፣ በአደራ ያዘ ማለት ስለሆነ፣ ተቋሙ ከስሙ ጀምሮ የሚያስታውሰው ጥበቃን እንጂ ብድርን አይደለም። የተወሰኑ ሰዎች በተወሰነ ቀን እኩል ገንዘብ ይጥላሉ፤ የተሰበሰበውን በሙሉ ለአንዱ አባል ይሰጣሉ፤ በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ለሌላው፣ እንዲህ እያለ ሁሉም እስኪደርሰው ድረስ ይሄዳል። ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ የወሰዱበት ሙሉ ሂደት ዙር ይባላል፤ አንዳንድ ዕቁብተኞች ግን እያንዳንዱን የመሰብሰቢያ ቀን ዙር ስለሚሉት፣ የድሮ ደብተር የሚያነብ ሰው ጸሐፊው ቃሉን በየትኛው ትርጉም እንደተጠቀመበት አስቀድሞ መለየት አለበት። ከሁሉ የሚገርመው ግን የዕቁብ ገንዘብ የትም የማያድር መሆኑ ነው። የተሰበሰበው በዚያው ቀን ባለዕጣው እጅ ስለሚገባ፣ ተቋሙ ካዝናም ሕንፃም ሳያስፈልገው ለብዙ ዘመን ኖሯል። ከቀን ወደ ቀን በአደራ የሚጠበቀው ማን ጣለ፣ ማን ወሰደ፣ ማን ቀረበት የሚለው ዕውቀት ብቻ ነው፤ የዕቁብ ታሪክም ይህ ዕውቀት በምን ላይ ተጽፎ እንደተቀመጠ የሚናገር ታሪክ ተደርጎ ሊነበብ ይችላል።

ከጽሑፍ በፊት የነበረውን መልክ ለመገመት የገበሬውን ወንፈል ማየት ይበቃል። ደቦ አንድ ሰው ጎረቤቱን ጠርቶ፣ አብልቶና አጠጥቶ ሥራ የሚያሠራበት ሲሆን፣ ወንፈል ግን ዛሬ የእኔን ማሳ ብንሠራ ነገ የአንተን የሚል የጉልበት ብድር ነው። በወንፈል ውስጥ ተራ አለ፣ ድርሻ አለ፣ የቀረ ሰውም ይታወቃል፤ ነገር ግን የሚሳተፉት ጥቂትና ጎረቤታሞች ስለሆኑ፣ የቀረውም ሰው የቀረው በሁሉም ዓይን ፊት ስለሆነ፣ መጻፍ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። ገንዘብ በጉልበት ምትክ ሲገባ ሁለት ነገሮች ተለወጡ። አንደኛ፣ የአንዱ ብር ከሌላው ብር አይለይምና ማን እንደጣለ ከክምሩ ላይ ማወቅ አይቻልም። ሁለተኛ፣ ገንዘብ የሚያስተባብራቸው ሰዎች የግድ ጎረቤታሞች አይደሉም፤ ከተማ ውስጥ የሚገናኙት ነጋዴና ወታደር፣ መምህርና ሹፌር ትውልዳቸውም ቋንቋቸውም የተለያየ ነው። ትዝታ ምስክርነቱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

በጽሑፍ የተመዘገበ ጥናት ዘግይቶ የመጣ ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ስለ ኢትዮጵያውያን የመረዳጃ ማኅበራት ጽፈዋል፤ ደጀኔ አረዶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ዕቁብን ከዕድርና ከቁጠባ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር አንድ ላይ መርምረዋል። በዓለም ደረጃ ክሊፎርድ ጊርትዝ እ.ኤ.አ. በ1962 እንዲህ ያሉትን ማኅበራት ከገበሬ ኑሮ ወደ ነጋዴ ኑሮ የሚያሻግሩ መካከለኛ ደረጃዎች ብሎ ገልጿቸው፣ ባንክ ሲስፋፋ ቦታቸውን እንደሚለቁ ገምቶ ነበር። ሸርሊ አርድነር ከሁለት ዓመት በኋላ ይህን ግምት ጠይቃለች፤ በኢትዮጵያ የሆነውም ለእሷ የሚያደላ ይመስላል፤ የአቢሲንያ ባንክ አዲስ አበባ ላይ በ1898 ዓ.ም. ከተከፈተ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ ባንክ ውስጥ የሚሠራው ሰው ራሱ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ዕቁብ ይጥላልና። በሱዳን ሰንዱቅ፣ በኬንያ ቻማ እየተባለ የሚጠራውም በዘመዶቹ መካከል ሊቆጠር ይችላል።

የደቡብ ኦሞ ታሪክ በዚህ ጉዳይ ላይ የራሱ መልክ አለው፤ ምክንያቱም የገንዘብ ዕቁብ እዚያ የደረሰው ሌላ የመተማመኛ ሥርዓት በሰፈነበት ምድር ላይ ነው። በኦሞ ወንዝ ታችኛው ተፋሰስ የሚኖሩት አርብቶ አደሮች ሀብታቸውን የሚጠብቁት በአንድ በረት አከማችተው ሳይሆን፣ በየቦታው ባሉ ወዳጆች ዘንድ በትነው ነው። ድርቅ ወይም የከብት በሽታ አንዱን አካባቢ ሲመታ፣ ሌላ ቦታ ያለው ይተርፋል። ኡሪ አልማጎር የተባለው አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ የዳሰነች ሰዎች በጋብቻ ዝምድናና በቃል ኪዳን ወዳጅነት የሚያስሩትን የከብት ሽርክና በዝርዝር አሳይቷል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዕዳ አለ፤ ነገር ግን የመክፈያ ቀን የለውም። ከብት ሰጥቶ ከዓመታት በኋላ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ቶሎ መልሶ ዕዳን መዝጋት እንዲያውም ወዳጅነትን እንደመዝጋት ሊታይ ይችላል። በዕቁብ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የመጨረሻው ቀን ይታወቃል። ስለዚህ ወደ ከተማ የገባ አርብቶ አደር ዕቁብ ሲገባ የሚማረው ቁጠባን ሳይሆን ዕዳ ቀን እንዳለው ነው፤ መቆጠብማ በከብት ከጥንት ጀምሮ ያውቅበታል።

የሳምንቱን ቀን ያመጣው ገበያው ነው። ባኮ የቀድሞው የአስተዳደር መቀመጫ ነበረች፤ በኋላ ጅንካ ቦታዋን ወስዳ በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ዋና ከተማ ሆነች። ከአሪ ደጋ የሚወርደው ቡናና ኮረሪማ፣ ከቆላው የሚመጣው ከብትና ማር፣ ከሩቅ የሚጫነው ጨርቅና ጨው የሚገናኙት በገበያ ቀን ሲሆን፣ የጅንካ ትልቁ ገበያ ቅዳሜ፣ የቀይ ዐፈር ሐሙስ፣ የቱርሚ ሰኞ ነው። ነጋዴ እጁ ላይ ጥሬ ገንዘብ የሚኖረው በገበያው ማምሻ ነውና፣ ሳምንታዊ ዕቁብ ከዚህ ጊዜ ጋር ይገጥማል። ደመወዝተኛው ደግሞ በሌላ ሰዓት ይሄዳል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እየበዙ፣ በ2010 ዓ.ም. ጅንካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል ሲጀምር፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም ጅንካ ከአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ የወር ደመወዝ የሚጠብቀው ሕዝብ በዛ። ነጋዴውና ደመወዝተኛው በአንድ ሳምንታዊ ዕቁብ ሲገናኙ መምህሩ በወሩ ሦስተኛ ሳምንት ላይ እጅ ያጥረዋል፤ ነጋዴው ደግሞ ቡና ከመድረሱ በፊት ባለው ወቅት ይጨነቃል። የሁለቱ ውዝፍ፣ ማለትም በቀኑ ሳይከፈል የቀረ ገንዘብ፣ በመዝገብ ላይ በተለያየ ጊዜ የሚበቅል ነው።

የመዝገቡ ባለቤት ጸሐፊው ነው። በተለመደው አደረጃጀት ዕቁቡ ዳኛ ወይም ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ አለው፤ ለድካማቸውም በብዙ ዕቁብ የመጀመሪያው ዕጣ ለዳኛው፣ አንዳንድ ጊዜም ቀጣዩ ለጸሐፊው ያለ ዕጣ ይሰጣል። ጸሐፊው ባለ መስመር ደብተር ገልጦ፣ በስተግራ የአባላትን ስም፣ ከላይ ቀኖቹን ይጽፋል፤ የጣለውን ሰው በራይት ምልክት፣ የቀረውን በኤክስ ያመለክታል፤ በታችኛው መስመር የባለዕጣውን ስም ያሰፍራል። ይህ መልክ ለንባብ ቀላል ስለሆነ ለብዙ ዘመን ጸንቷል። አንድ ከባድ ጉድለት ግን አለበት፤ ኤክስ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላል። ገና ያላወጣ ሰው ሲቀርና አውጥቶ የበላ ሰው ሲቀር በደብተሩ ላይ የሚታየው ምልክት አንድ ነው፤ ነገሩ ግን ፈጽሞ አይገናኝም። የመጀመሪያው ሰው ማኅበሩ ዘንድ ገንዘብ ያለው፣ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ሁለተኛው የሌሎችን ገንዘብ ይዞ የቀረ ባለዕዳ ነው። አብዛኛው የዕቁብ ጠብ የሚነሣው ከዚህ መደባለቅ ሲሆን፣ የዕቁብ ደብተር ከምልክት ወደ ሠንጠረዥ እንዲያድግ ያስገደደውም ይኸው ነው።

ልዩነቱን በግልጽ ለማየት በጅንካ ቅዳሜ ገበያ ልክ የተሰላ አንድ ምሳሌ መከተል ይበጃል። አሥራ ሁለት ዕቁብተኞች በየቅዳሜው 500 ብር ይጥላሉ እንበል፤ የቀኑ ዕቁብ 6000 ብር፣ ዙሩም አሥራ ሁለት ቅዳሜ ይሆናል። አምስት ቅዳሜ ያለ እንከን አለፈ። በስድስተኛው ቅዳሜ ሁለት ሰው ሳይጥል ቀረ። አንዱ በሁለተኛው ቅዳሜ ዕጣ የወጣለት ጨርቅ ሻጭ ሲሆን፣ ሌላው ገና ያልወጣለት መምህር ነው። የቀኑ ዕጣ የወጣው ለባለ ሻይ ቤቷ ነበር፤ የተሰበሰበው 5000 ብር ስለሆነ የተሰጣትም ይኸው ነው። የደብተሩን አምስት መስመር ወደ ሠንጠረዥ ብንለውጠው የሚከተለውን ይመስላል፤ ልዩነት የሚለው ዓምድ የጣለው ከወሰደው ጋር ተቀናንሶ የሚገኘው ነው።

| ዕቁብተኛ | ያወጣበት ቅዳሜ | የጣለው | የወሰደው | ልዩነት | ሊሆን የሚገባው |
|---|---|---|---|---|---|
| ቡና ነጋዴዋ | 1ኛ | 3000 | 6000 | −3000 | −3000 |
| ጨርቅ ሻጩ | 2ኛ | 2500 | 6000 | −3500 | −3000 |
| ባለ ሻይ ቤቷ | 6ኛ | 3000 | 5000 | −2000 | −3000 |
| መምህሩ | ገና | 2500 | 0 | +2500 | +3000 |
| የኮረሪማ ነጋዴው | ገና | 3000 | 0 | +3000 | +3000 |

የቀሩት ሰባት አባላት እንደ ቡና ነጋዴዋ ወይም እንደ ኮረሪማ ነጋዴው ናቸው፤ ሦስቱ አውጥተዋል፣ አራቱ ይጠብቃሉ። አሁን የልዩነት ዓምዱን ከላይ እስከ ታች ቢደምሩት፣ ያወጡት ስድስት ሰዎች በጠቅላላ 17500 ብር ወሳጅ፣ ያላወጡት ስድስቱ 17500 ብር ተቀባይ ሆነው ይገኛሉ፤ ድምሩ ዜሮ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ ይታለላል። ዜሮ የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተሰበሰበው በሙሉ ተሰጥቷል፣ በገንዘብ ያዡ እጅ የተረፈ ወይም የጎደለ የለም ማለት ነው። ዕቁቡ ጤነኛ መሆኑን አይነግርም። ሁለት ሰው ቀርቶ፣ አንዲት ሴት 1000 ብር ጎድሎባትም ሒሳቡ ይዘጋል። እውነቱን የሚያወጣው የመጨረሻው ዓምድ ነው፤ ጨርቅ ሻጩ ሊሆን ከሚገባው በ500 ብር ወርዷል፣ መምህሩም በ500 ብር ወርዷል፣ ባለ ሻይ ቤቷ ደግሞ በ1000 ብር ከፍ ብላ የተገኘችው የተሰጣት ስለጎደለ ነው። የሁለቱ ውዝፍ ተደምሮ በትክክል የእሷ መብት ይሆናል።

ሠንጠረዡ ይህን ያህል ካሳየ በኋላ ለሁለቱ ቀሪዎች የሚሰጠው መልስ የተለያየ መሆኑ ግልጽ ነው። መምህሩ ቢቀርም መያዣው እዚያው ማኅበሩ ዘንድ ነው፤ 2500 ብር ጥሏልና፣ በተራው ሲወጣለት 500 ብሩ ከቅጣቱ ጋር ይቆረጥበታል፣ ውዝፉን እስኪያጠራ ድረስም ስሙ ከዕጣው ወረቀት ውስጥ አይገባም። ጨርሶ ዕቁቡን ቢተው እንኳ ልማዱ የጣለውን በዙሩ መጨረሻ መመለስ ስለሆነ፣ ሌሎቹን የሚጎዳው በቀኑ እጥረት እንጂ በመጥፋት አይደለም። ጨርቅ ሻጩ ግን ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ቅዳሜ ያለውን ሰባት መዋጮ ቢያስቀር 3500 ብር ይዞ ይሄዳል፤ ይህም በልዩነት ዓምዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ራሱ ነው። ዋስ ካልከፈለ ጉዳቱን የሚሸከሙት ከስድስተኛው ቅዳሜ ጀምሮ የሚያወጡት ሰባት ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው 500 ብር እየጎደላቸው ነው፤ ቀድመው ያወጡት አምስቱ አንድ ሳንቲም አይጎድልባቸውም። ከዚህ የተነሣ ጥንቁቅ ዕቁቦች በደንባቸው ላይ እንዲህ ያለው ጉድለት ለሁሉም እኩል እንዲከፋፈል አስቀድመው ይጽፋሉ፤ አለበለዚያ በትዕግሥት የጠበቀው ሰው የቸኮለውን ሰው ዕዳ ይከፍላል፤ ይህን ደግሞ ፍትሕ ብሎ የሚቀበል ማኅበር ሊኖር አይገባም።

ዋስ የዕቁብ ሁለተኛ ምሰሶ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ያቀርባል፤ ዋሱ ብዙ ጊዜ ራሱ ዕቁብተኛ፣ ይልቁንም ገና ያላወጣ ዕቁብተኛ ይሆናል፤ ያላወጣ ዋስ የሚመረጠው የጣለው ገንዘብ በማኅበሩ እጅ ስላለ ነው። ሠንጠረዡ ዋሱ ምን ያህል እንደሚታሰርም ያሳያል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ያወጣ ሰው ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ መዋጮ ይቀረዋል፤ ዋሱ ለ5500 ብር ይታሰራል። በሁለተኛው ያወጣው 5000፣ በሦስተኛው ያወጣው 4500 እያለ ይወርድና በአሥራ ሁለተኛው ያወጣው ሰው ዋስ አያስፈልገውም። አዲስ ገቢ አባል በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንዲመደብ የሚደረገውም ለዚህ ነው።

ይህን ቁጥር መጻፍ ከልማድ ያለፈ ሕጋዊ ክብደት አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ የዋስትና ውል በጽሑፍ እንዲሆን በአንቀጽ 1725 ያዛል፤ በአንቀጽ 1922 ደግሞ ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ ውሉ ዋጋ እንደማይኖረው ይደነግጋል። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ዋስ እገሌ ተብሎ ብቻ የተጻፈበት ዕቁብ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት የደረሰ ዕለት ዋሱን ሊያጣው ይችላል፤ ዋስ እገሌ እስከ 5000 ብር ተብሎ በፊርማና በሁለት ምስክር የተያዘው ግን የሚቆምበት መሬት አለው። ሌላው የሕግ ጎን አጭር ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ዕድርንና ዕቁብን ከተፈጻሚነቱ ውጭ አድርጓቸዋል፤ የተካው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113ም እንዲሁ። መንግሥት ስላልመዘገበው ዕቁቡን የሚመሰክርለት የራሱ መዝገብ ብቻ ነው።

መዝገቡ የሚበላሽባቸው ጥቂት የታወቁ ቀዳዳዎች አሉ፤ ከሁሉ የሚደጋገመው ዓምዱ ሳይዘጋ ዕጣ ማውጣት ነው። ሰዓቱ መሽቷል፣ አንድ ሰው አልጣለም፣ ነገር ግን ስሙ በዕጣው ውስጥ ገብቷል፤ ወረቀቱ ሲገለጥም የወጣው ለእሱ ነው። ከወጣልኝ ላይ ቁረጡልኝ ይላል፤ ገንዘብ ያዡም 5500 ብር ይሰጠዋል። ጸሐፊው ይህን በሁለት መንገድ ሊጽፈው ይችላል። 500 ጣለ፣ 6000 ወሰደ ብሎ ከጻፈ መዝገቡ ትክክል ነው። አልጣለም፣ 5500 ወሰደ ብሎ ከጻፈ ግን ልዩነቱ ያው ሆኖ፣ ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩን የሚያነብ ሰው የዚያን ሰው ስም አጠገብ ኤክስ አይቶ 500 ብር ይጠይቀዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የቀኑ ዓምድ ተደምሮ፣ ድምሩ ከተቆጠረው ገንዘብ ጋር ተመሳክሮ፣ ከሥሩ መስመር ከተሰመረ በኋላ ብቻ ዕጣው ይወጣል።

ሁለተኛው ቀዳዳ ግማሽ ዕጣ ነው። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 250 ብር እየጣሉ አንድ ዕጣ ይጋራሉ፤ አቅሙ ዝቅ ላለ ሰው በር የሚከፍት መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ጸሐፊው ሁለቱን በአንድ መስመር ላይ ስለሚጽፋቸው፣ አንዱ ሲቀር የከፈለው ሰው ሳይቀር በኤክስ ይከሰሳል። ዕጣው አንድ ቁጥር ይዞ ሰዎቹ በሁለት መስመር ሊጻፉ ይገባል፤ የሚወጣው ዕጣ ነው፣ የሚጠየቀው ግን ሰው ነውና። ሦስተኛው የዕጣ ሽያጭ ነው። ቶሎ ገንዘብ የፈለገ ሰው ለወጣለት አባል 300 ብር ጨምሮ ተራውን ይገዛል። ይህ 300 ብር ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ የሚሄድ እንጂ የማኅበሩ መዋጮ ስላልሆነ፣ በጣለው ወይም በወሰደው ዓምድ ውስጥ ከገባ የዜሮውን ድምር ያፈርሰዋል፤ በማስታወሻ ዓምድ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ዋስ ማቅረብ ያለበትም ሻጩ ሳይሆን ገዢው ነው።

የባለዕዳውን መንሸራተት ደብተሩ አስቀድሞ ይናገራል። መጥፋት ያሰበ ወይም ሳያስብ የሚወድቅ ሰው በአንድ ቀን አይቀርም፤ ካወጣ በኋላ መጀመሪያ በሰው እጅ መላክ ይጀምራል፣ ቀጥሎ በማግስቱ ይከፍላል፣ ቀጥሎ ሁለት ሳምንት አጣምሮ ይከፍላል። ራይትና ኤክስ ብቻ የሚያውቅ ደብተር እነዚህን ሁሉ ራይት ብሎ ያልፋቸዋል፤ የተከፈለበትን ቀን የሚጽፍ ሠንጠረዥ ግን ቅዳሜ ይከፍል የነበረው ሰው ወደ ሰኞ፣ ከሰኞ ወደ ረቡዕ ሲንሸራተት ያሳያል። ብልህ ዳኛ ዋሱን የሚያነጋግረው በዚህ ሰዓት ነው፤ ኤክስ ከተጻፈ በኋላ የሚደረግ ንግግር ብዙ ጊዜ የዘገየ ነው።

ፊደል ባልተማሩ አባላት ዘንድ መዝገቡ ሌላ መንገድ ተከትሏል። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአርብቶ አደር ማኅበረሰብ ልማት ፕሮጀክት በሶማሌ፣ በአፋር፣ በኦሮሚያና በደቡብ አርብቶ አደር ወረዳዎች ሲሠራ፣ በሁለተኛው ምዕራፉ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራትን ማቋቋም ከተግባሮቹ አንዱ አድርጎ ነበር። እነዚህ ማኅበራት ገንዘብ የሚያከማቹና ከክምሩ የሚያበድሩ ስለሆኑ ዕቁብ አይደሉም። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የተስፋፋው የመንደር ቁጠባና ብድር ቡድን ግን ለዕቁብ ጸሐፊም ትምህርት የሚሆን አሠራር አለው። እያንዳንዷ አባል የራሷን ትንሽ ደብተር ትይዛለች፤ ስትቆጥብ በየድርሻው አንድ ማኅተም ይመታላታል፤ ያልቆጠበችበት ሳጥን ይሰረዛል። የገንዘቡ ሣጥን ደግሞ በሦስት ቁልፍ ይዘጋል፣ ቁልፎቹም በሦስት የተለያዩ ሰዎች እጅ ናቸው። ማኅተም ለመቁጠር ማንበብ አያስፈልግም፤ ባለቤቷ ማኅተሞቿን በጣቷ ትቆጥራለች። የጅንካው ዕቁብ ደብተር ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፣ በአንድ ሰው ቤት ያድራል፤ ያ ሰው ደብተሩን ቢያጠፋ ወይም ቁጥር ቢሰርዝ የሚከራከረው ምስክር የለም። ለእያንዳንዱ አባል ባለ አንድ ገጽ ካርድ መስጠትና በየቅዳሜው ጸሐፊው ሁለቱንም እንዲፈርም ማድረግ ከአንድ እርሳስ የበለጠ ወጪ አያስከትልም፤ ይህ አለመለመዱ የሚያሳዝን ነው።

የመጨረሻው ለውጥ ከስልክ መጣ። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ መዋጮ በስልክ መላክ እየተለመደ ሄዷል፤ ከጅንካ ርቆ በቱርሚ ወይም በኦሞራቴ የሚውል ነጋዴም ሳይመጣ መጣል ይችላል። ማሳወቂያው የላኪውን ስም፣ መጠኑንና ሰዓቱን ስለሚይዝ የመንሸራተቱን ምልክት ከማንኛውም ጸሐፊ በተሻለ ይመዘግባል። ነገር ግን አብዛኛው ሰው ማሳወቂያውን እንደ መዝገብ ይቆጥረዋል፤ ማሳወቂያው ደግሞ ገንዘቡ ከእገሌ ወደ ገንዘብ ያዡ መድረሱን እንጂ፣ ለየትኛው ቅዳሜ እንደሆነ፣ የሙሉ ዕጣ ወይም የግማሽ ዕጣ መዋጮ መሆኑን፣ የራሱን ወይም የዋሰውን ሰው ውዝፍ መክፈሉን አይናገርም። በአንድ ስልክ የሚልኩ ባልና ሚስት ሁለት ዕጣ ካላቸው የአንደኛው ገንዘብ በሌላው ስም ይገባል። ስለዚህ ማሳወቂያው በየቅዳሜው ወደ ሠንጠረዡ ሲገለበጥ፣ ከመጠኑ አጠገብ የዕጣው ቁጥርና የቅዳሜው ተራ አብረው ይጻፋሉ፤ የዋሱ ፊርማ ግን አሁንም ወረቀት ላይ ነው፣ በፊርማው አጠገብም 5000 ብር የሚለው ቁጥር በፊደልና በአኃዝ ይሰፍራል።